ዋስና የጋራ ተበዳሪ፦ ዋናው ተበዳሪ የቤት ብድር መክፈል ሲያቆም ማን፣ ምን ያህል ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመግዛት ከባንክ 2,000,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት የሚከፈል ብድር ወሰደ። እኔ በዋስነት ፈረምኩ። እህታችን ደግሞ ደመወዟ እንዲደመርለት ተብላ አብራ ተበዳሪ ሆና ፈረመች፤ የቤቱ ካርታ ግን በእሱ ስም ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ከከፈለ በኋላ ውጭ አገር ሄደና ይኸው ለ10 ወር አልከፈለም። አሁን ባንኩ ለእኔም ለእህቴም ማስጠንቀቂያ ላከ። ቤቱ በመያዣ እያለ እኛን መጠየቅ ይችላል? እህቴ በቤቱ ላይ ምንም ስለሌላት ነፃ አትሆንም? ባለቤቴስ ዋስ መሆኔን አታውቅም ነበርና ዋስትናው ሊፈርስ አይችልም? በደብዳቤ ከዋስትናው መውጣትስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ዋስ የባንኩ ፈቃድ ሳይኖር በራሱ ደብዳቤ ከዋስትናው ሊወጣ አይችልም። ብድሩ የተወሰነ፣ ገንዘቡም አስቀድሞ የተለቀቀ በመሆኑ ዋስትናው ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ፣ ወይም ባንኩ ሌላ ዋስ ተቀብሎ እርስዎን በጽሑፍ እስኪለቅዎ ድረስ ይቆያል። ተበዳሪው 10 ወር ሳይከፍል ባንክ ዋስ ይለቃል ብሎ መጠበቅም አይቻልም፤ ዋስትና የተፈለገው ለዚህ ቀን ነውና። ስለዚህ «እንዴት ልውጣ» የሚለው ጥያቄ ለጊዜው ይቆየንና ኃላፊነትዎ ምን ዓይነት እንደሆነና የት ላይ እንደሚቆም እንይ።

ይህን የሚወስነው አንድ ሐረግ ነው። የዋስትና ውልዎን ቅጂ ከባንኩ ይጠይቁና «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል በውስጡ መኖሩን ይፈልጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዋስትና ከቁጥር 1920 ጀምሮ የሚደነግግ ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት ዋሶችን ይለያል። የመጀመሪያው ተራ ዋስ ነው፤ ይህ ሰው ክስ ሲቀርብበት «አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት ይፈለግ፣ መያዣውም ይሸጥ፣ የጎደለውን ከዚያ በኋላ እኔን ጠይቁ» የማለት መብት አለው። ይህን መብቱን ግን ገና በመጀመሪያው መልሱ ላይ ማንሳት ይኖርበታል፤ ክርክሩ ከተጋመሰ በኋላ ትዝ ቢለው አይጠቅመውም። ሁለተኛው ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ለመሆን የፈረመ ዋስ ነው። ስለዚህኛው የሕጉ ቁጥር 1933 በግልጽ እንደሚናገረው፣ ባለገንዘቡ አስቀድሞ ባለዕዳውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ ዋሱን ሊከስ ይችላል። «ቤቱ በመያዣ እያለ እኛን መጠየቅ ይችላል?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ እንግዲህ በዚህ ሐረግ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔ ባየኋቸው የባንክ የዋስትና ቅጾች ሐረጉ አስቀድሞ የታተመ ነው፤ የእርስዎም የተለየ ይሆናል ብዬ አልገምትም። ፊርማው ሲወሰድ «ፎርማሊቲ ነው» ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤት የሚያነበው ግን የተጻፈውን ነው።

ይሁን እንጂ ሊከስ ይችላል ማለትና መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ የሚፈቅድ የተለየ ሕግ አላቸው፤ እሱም አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። በብድር ውሉ ውስጥ ይህ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ባንኩ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ያወጣል፤ በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ካልቀረበ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ቤቱን ራሱ ሊረከበው ይችላል። ይህ መንገድ ከክስ ይልቅ ፈጣን በመሆኑ በተግባር ባንኩ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው፤ ወደ ዋሱ የሚመጣው የሐራጁ ገንዘብ ዕዳውን ሳይሸፍን ሲቀር ነው። ያ ማለት ግን ሕግ አስገድዶት ሳይሆን ስለቀለለው ነው። ዋስ በዚህ ልማድ ላይ ተማምኖ ደብዳቤ ሳይመልስ መቀመጥ የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። የሐራጅ ሥልጣኑ በመያዣነት በተመዘገበው ንብረት ላይ ብቻ ነው። እርስዎ የሰጡት የግል ዋስትና ከሆነ፣ ማለትም ፊርማዎን እንጂ ቤትዎን በመያዣ ያላስያዙ ከሆነ፣ ባንኩ የእርስዎን ቤት ወይም መኪና በራሱ ሐራጅ ሊያወጣ አይችልም፤ ክስ መመሥረት፣ ፍርድ ማግኘትና በአፈጻጸም በኩል መምጣት አለበት። በአንጻሩ ለወንድምዎ ብድር የራስዎን ካርታ አስይዘው ከሆነ፣ ስምዎ በውሉ ላይ «ዋስ» ተብሎ ቢጻፍም ያ ቤት እንደ ወንድምዎ ቤት ሁሉ ያለ ፍርድ ሊሸጥ ይችላል። በጥያቄዎ ካርታ ማስያዝዎን ስላልጠቀሱ መልሴን የምቀጥለው የግል ዋስትና ነው በሚል ነው።

ኃላፊነትዎ እስከ ስንት ይደርሳል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ለዋስ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን ይዟል፦ ዋስትና በግምት አይወሰድም፣ በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸም ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ቅጂው እጅዎ ሲገባ ሁለተኛው የሚፈልጉት ቁጥሩን ነው። «ለብር 2,000,000» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ወለዱና ቅጣቱ ተደምሮ ዕዳው ከዚያ ሲያልፍ በትርፉ ላይ «ከፈረምኩበት ጣሪያ በላይ ነው» ብለው ለመከራከር የሚያስችል መሠረት አለዎት። «ለብር 2,000,000 እና ለወለዱ፣ ለቅጣቱና ለወጪው» የሚል ከሆነ ክርክሩ ይጠብባል፤ ቢሆንም ጣሪያ የሌለው ተጨማሪ ምን ያህል ያስገድዳል የሚለውን ጠበቃዎ ሊያነሳው የሚገባ ነጥብ ነው። የገንዘቡ ቦታ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጠንካራው መከላከያ እሱ ነው። የዋስትና ውል በጽሑፍ ሆኖ በምስክሮች ፊት መፈረም እንዳለበትም ሕጉ ያዝዛል፤ የባንክ ውሎች በዚህ በኩል ጎድለው የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው፤ ቢሆንም ማየቱ አይጎዳም።

ወደ እህትዎ ልሻገር፤ ምክንያቱም ከእርስዎ ይልቅ የከፋ ቦታ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ይህንንም ገና የተረዱ አይመስሉም። የጋራ ተበዳሪ ዋስ አይደለም፤ ባለዕዳ ነው። ኃላፊነቱ የሚመነጨው ከብድር ውሉ ላይ ካለው ፊርማ እንጂ ከቤቱ ካርታ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1896 አንድ ዕዳ በጋራ የገቡ ሰዎች ሌላ ስምምነት ከሌለ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ እንደሚሆኑ ይደነግጋል፤ ቁጥር 1897 ደግሞ ባለገንዘቡ ከመካከላቸው የወደደውን መርጦ ሙሉውን ዕዳ ሊጠይቅ እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ «የእኔ ድርሻ ግማሹ ነው» ወይም «ቤቱ የእሱ ነው» የሚለው መልስ በባንኩ ፊት ዋጋ የለውም። እንደ ዋስ የገንዘብ ጣሪያ የላቸውም፤ «መጀመሪያ ወንድሜን ጠይቁ» ሊሉም አይችሉም። በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ውስጥም የተመዘገቡት እንደ ተበዳሪ ነው። ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር ባንኮች ጤናማ ያልሆነ ብለው የሚመድቡት በመሆኑ፣ እህትዎ ነገ ለራሳቸው ብድር ሲጠይቁ ይህ ታሪክ ፊታቸው ይቀርባል።

ይባስ ብሎ፣ ዋስትናው ለሁለቱም ተበዳሪዎች የተሰጠ ከሆነ በሕግ ዓይን እርስዎና እህትዎ በአንድ ወገን አይደላችሁም። እርስዎ ከከፈሉ የከፈሉትን ከወንድምዎ ብቻ ሳይሆን ከእህትዎም መጠየቅ ይችላሉ፤ እሳቸው ከከፈሉ ግን ወደ እርስዎ መመለስ አይችሉም። ከወንድማቸው ጋር ባላቸው ግንኙነት ደግሞ ሕጉ በጋራ ባለዕዳዎች መካከል የተለየ ስምምነት ካልተረጋገጠ ዕዳው እኩል እንደሚከፈል ይገምታል። ስለዚህ እህትዎ ሙሉውን ቢከፍሉ ከወንድምዎ በቀላሉ የሚያስመልሱት ግማሹን ነው፤ ሙሉውን ለማስመለስ «ቤቱ የእሱ፣ ዕዳውም ሙሉ በሙሉ የእሱ እንዲሆን ተስማምተን ነበር» የሚለውን ማስረዳት አለባቸው። ወንድምዎ አሁንም ስልክ የሚያነሱና የሚግባቡ ከሆነ ይህንን ዛሬውኑ ለእህትዎ በጽሑፍ ይስጧቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቂም ከገባ ወዲያ፣ ይህ ወረቀት አይገኝም።

ስለ ባለቤትዎ ያነሱት ነጥብ መሠረት ያለው ነው፤ ጊዜው ግን አልፎበታል። አዲስ አበባ ውስጥ በሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። 500 ብር ዛሬ የአንድ ምሳ ግብዣ ቢሆንም ድንጋጌው በሥራ ላይ ነው። ስምምነቱን ያልሰጠው ተጋቢ ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ የሚችለው፣ በአንቀጽ 69 እንደተጻፈው፣ ማወቁን ተከትሎ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ በማናቸውም ሁኔታ ግን ግዴታው ከተገባ ሁለት ዓመት ካለፈው አይችልም። እርስዎ ከፈረሙ ወደ አራት ዓመት እየተጠጋ ነው፤ ባለቤትዎ ትናንት ቢያውቁ እንኳ የሁለት ዓመቱ በር ተዘግቷል። ይህንን ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ፦ የትዳር ጓደኛዎ ሳያውቅ ከፈረሙ፣ ምስጢሩን መያዝ ይህንን መከላከያ ማቃጠል ነው። በአሁኑ ሁኔታ ባለቤትዎ ሊያውቁት የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ የአንድ ተጋቢ የግል ዕዳ መጀመሪያ ከራሱ የግል ሀብት የሚከፈል ሲሆን፣ ያ ካልበቃ ከጋራ ሀብቱ ላይ ሊጠየቅ ይችላል።

አሁን ቁጥሮቹን እናስቀምጥ፤ ያለ እነሱ ማንም ትክክለኛ ውሳኔ ሊወስን አይችልም። 2,000,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ሲበደሩት ወርሃዊ ክፍያው ወደ 27,992 ብር ይሆናል። ወንድምዎ በ36 ወር የከፈሉት በድምሩ 1,007,000 ብር ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ዋናውን ብድር የቀነሰው ግን ወደ 135,000 ብር ብቻ ሲሆን ቀሪው ወለድ ነው። ስለዚህ መክፈል ባቆሙበት ቀን 1,865,000 ብር ያህል ቀሪ ዕዳ ነበር። «ግማሹን ከፍሎታል» የሚለው የቤተሰብ ግምት በቤት ብድር የመጀመሪያ ዓመታት ሁልጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት 10 ወራት በየወሩ ወደ 23,300 ብር ወለድ ሲጨመር ዕዳው ቅጣት ሳይታሰብ 2,100,000 ብር ገደማ ደርሷል። የቅጣት ወለዱና የማስፈጸሚያ ወጪው እንደ ውሉ ስለሚለያይ፣ ለስሌቱ እንዲመች 2,150,000 ብር ነው እንበል።

ማስጠንቀቂያውን በዚህ ዓይን መልሰው ያንብቡት። ባንኩ የጠየቀው ውዝፉን ብቻ ከሆነ፣ ማለትም የ10 ወሩን ወደ 280,000 ብር ከነቅጣቱ፣ ብድሩ ገና በሕይወት አለ፤ ውዝፉ ከተከፈለ ወርሃዊ ክፍያው ይቀጥላል። «ብድሩ በሙሉ ወዲያውኑ እንዲከፈል» የሚል ከሆነ ግን ባንኩ በውሉ መሠረት የክፍያ ጊዜውን አሳጥሮ ሙሉውን ዕዳ ጠይቋል ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ውዝፍ ከፍሎ መቀጠል የባንኩን ፈቃድ ይጠይቃል።

ከፊታችሁ ያሉት መንገዶች እንግዲህ ሦስት ናቸው፤ በእኔ አመለካከት ግን አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ይበልጣል።

የመጀመሪያው እናንተ ውዝፉን ከፍላችሁ ብድሩን ማስቀጠል ነው። ይህ የሚያዋጣው ከዚያ በኋላ በየወሩ 28,000 ብር ያህል ማን እንደሚከፍል በእርግጠኝነት የታወቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቤቱ ተከራይቶ ኪራዩ ክፍያውን የሚሸፍን ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ 280,000 ብር አውጥታችሁ የገዛችሁት ጥቂት ወራት ነው። እህትዎ ተበዳሪ ስለሆኑ ብድሩ በአዲስ የጊዜ ሰሌዳ እንዲዋቀር ለባንኩ ማመልከት ይችላሉ፤ ባንኩ የመቀበል ግዴታ የለበትም፣ ከሐራጅ በፊት ግን ብዙ ጊዜ ያዳምጣል። እዚህ ላይ ለእርስዎ አንድ ጥንቃቄ አለኝ፦ ለአዲሱ ሰሌዳ «ዋሱም ይፈርሙ» ተብለው ሲጠሩ፣ የተጠራቀመው ወለድ በዋናው ገንዘብ ላይ ተደምሮ ጣሪያዎ ከፍ ማለት አለማለቱን ሳያዩ አይፈርሙ። አዲስ ፊርማ አዲስ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምንም ሳያደርጉ ሐራጁን መጠበቅ ነው። ቤቱ በገበያ 2,400,000 ብር ያወጣል፣ ባንኩ ለሐራጅ ያስቀመጠው መነሻ ዋጋ ደግሞ 1,800,000 ብር ነው ብለን እናስብ። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ገዢ ካልተገኘ ባንኩ በ1,800,000 ብር ይረከበዋል፤ 350,000 ብር ይጎድላል። ይህ ጉድለት አይጠፋም፤ ባንኩ ወንድምዎን፣ እህትዎንና እርስዎን በአንድ መዝገብ ይከሳል። ወንድምዎ ውጭ አገር ስለሆኑ ፍርዱ በተግባር የሚፈጸመው አገር ውስጥ ደመወዝና ንብረት ባለው ሰው ላይ ነው። ከደመወዝ የሚያዘው አንድ ሦስተኛው ነው፤ የወር ደመወዝዎ 30,000 ብር ቢሆን በወር 10,000 ብር እየተቆረጠ፣ ወለዱ ሳይታሰብ፣ ወደ ሦስት ዓመት ይወስዳል ማለት ነው።

ክሱ ከመጣ ደግሞ በምን ሥነ ሥርዓት እንደመጣ ይመልከቱ። ባንኮች መጠኑ የታወቀ የገንዘብ ዕዳ ሲጠይቁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከሱ ይችላሉ። በዚህ ዓይነት ክስ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ አያቀርብም፤ መጀመሪያ «እንድከላከል ይፈቀድልኝ» ብሎ ምክንያቱን በቃለ መሐላ አስደግፎ ማመልከት አለበት። ያንን ያላደረገ ሰው የገንዘብ ጣሪያውንም ሆነ ሌላ መከላከያውን ለማንሳት ዕድል ሳያገኝ ሊፈረድበት ይችላል። ብዙ ዋሶች የሚሸነፉት መከላከያ አጥተው ሳይሆን መጥሪያውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ስለቆዩ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ቤቴን በልጄ ስም ላዙር» የሚል ምክር ከሰጠዎት ሰው ይራቁ፤ ባለገንዘቡን ለመጉዳት የተደረገ ዝውውር በፍርድ ቤት እንዲሻር ሊጠየቅ ይችላል፤ ከፍርድ በፊትም የንብረት እግድ አለ።

ሦስተኛውና እኔ የምመክረው መንገድ ሐራጅ ሳይወጣ ቤቱን በስምምነት መሸጥ ነው። ከላይ ባለው ስሌት 2,400,000 ብር የሚሰጥ ገዢ ከተገኘ 2,150,000 ብሩ ተከፍሎ ከሽያጩ ወጪና ግብር በፊት 250,000 ብር ይተርፋል፤ ዋሱም የጋራ ተበዳሪዋም ያለ ክስ ይለቀቃሉ። ከሐራጁ ጋር ያለው ልዩነት 600,000 ብር ነው። አካሄዱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ቤቱ በመያዣ የተያዘ ስለሆነ ግን ባንኩ ከመጀመሪያው መግባት አለበት። ለባንኩ በጽሑፍ አመልክታችሁ የዕዳውን ልክ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የሚገልጽ ደብዳቤና ለሽያጭ የተወሰነ ጊዜ ትጠይቃላችሁ። ገዢው የዕዳውን ገንዘብ ለሻጩ ሳይሆን በቀጥታ ለባንኩ ያስገባል፣ ባንኩም መያዣው እንዲሰረዝ ይጽፋል፣ ስሙ ከዚያ በኋላ ይዛወራል። ለሻጩ ቀጥታ የተከፈለ ገንዘብ ወደ ባንኩ ሳይደርስ ሌላ ቦታ ሲቀር አይቻለሁ፤ ያኔ ገዢውም፣ ዋሱም፣ ቤቱም አንድ ላይ ይታሰራሉ።

ለዚህ ቁልፉ ያለው በወንድምዎ እጅ ነው፤ የቤቱ ባለቤት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ እርስዎም እህትዎም ልትሸጡት አትችሉም። የሚያስፈልገው ቤቱን ለመሸጥ፣ ከባንኩ ጋር ለመደራደርና ስሙን ለማዛወር በግልጽ ሥልጣን የሚሰጥ ልዩ ውክልና ነው። «ስለ ንብረቴ ሁሉ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ወንድምዎ በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልናውን ይሰጣሉ፤ ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ ሥራ ላይ ይውላል። በዚህ ወረቀት ላይ የምታጠፉት ሳምንት ውጭ አገር ላለ ሰው በሌለበት ከምታገኙት ፍርድ ይልቅ ብዙ እጥፍ ይጠቅማችኋል፤ የእኛን ፍርድ ሌላ አገር ወስዶ ማስፈጸም ራሱን የቻለ ረጅምና ውጤቱ የማይታወቅ ክርክር ነው።

ወንድምዎ ውክልና ካልሰጡ ግን ምን ይደረጋል? ያኔ ሐራጁ አይቀርም፤ የእናንተ ሥራም ጉድለቱን ማሳነስ ይሆናል። ሐራጁ በአዋጁ መሠረት መካሄዱን፣ ማስጠንቀቂያው መሰጠቱንና ግምቱ የቤቱን የአሁን ዋጋ የሚያንጸባርቅ መሆኑን ተከታተሉ፤ መነሻ ዋጋው አለቅጥ ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት ከሐራጁ በፊት በጽሑፍ ተቃወሙ። አዋጁ ባንኩ የሐራጅ ሥነ ሥርዓቱን ጥሶ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሐራጁ የሚወጣው በይፋ ስለሆነ ገዢ ፈልጋችሁ እንዲወዳደር ማድረግም አትከለከሉም። ባንኩ ቤቱን እስኪያወጣው ድረስ ያለው እያንዳንዱ ወር 23,000 ብር ያህል ወለድ እንደሚጨምር አትርሱ፤ ሐራጁን ለማዘግየት ብቻ የሚደረግ ክርክር በመጨረሻ የሚከፈለው ከእናንተ ኪስ ነው።

በየትኛውም መንገድ ከራስዎ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ካለ አከፋፈሉን ይጠንቀቁ። በወንድምዎ ሂሳብ ዝም ብለው ገቢ ካደረጉ፣ ኋላ ላይ «ስጦታ ነበር» ወይም «ያበደርኩት ገንዘብ ሲመለስልኝ ነው» ሊባል ይችላል። በራስዎ ስም፣ «በዋስነት የተከፈለ» የሚል ምክንያት ተጽፎ ደረሰኝ ይያዙ። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ለወንድምዎ በመልእክትም ቢሆን ያሳውቁ፤ ሳይነግሩት የከፈለ ዋስ፣ ባለዕዳው በማያውቅ ሁኔታ ራሱም ከፍሎ ከተገኘ ወይም በባንኩ ላይ ሊያነሳው የሚችል መከላከያ ከነበረው፣ መልሶ የመጠየቅ መብቱ ይጎዳበታል። በአግባቡ የከፈለ ዋስ ግን በከፈለው ልክ በባንኩ እግር ይተካል፤ የሕግ ሰዎች ዳረጎት የሚሉት ይህ ነው። ሙሉውን ዕዳ ከፍለው ከሆነ ባንኩ በቤቱ ላይ የነበረው የመያዣ መብት ወደ እርስዎ እንዲተላለፍ ይጠይቁ፤ ባንኩ ልማዱ ሆኖ መያዣውን ሰርዞ ካርታውን ለባለቤቱ ከመለሰ በኋላ ግን እጅዎ ላይ የሚቀረው ተራ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ባንኩ የሐራጅ ሥልጣን ያገኘው ባንክ በመሆኑ ስለሆነ፣ መያዣው ቢተላለፍልዎም እርስዎ ቤቱን የሚያሸጡት በፍርድ ቤት በኩል ነው።

በዚህ ሳምንት የሚያደርጉትን ላስቀምጥ። የብድሩን፣ የመያዣውንና የዋስትናውን ውል ቅጂ እንዲሁም የዕዳውን መግለጫ ከባንኩ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎ መቀበሉን በማኅተም ያስረጋግጡ። ለማስጠንቀቂያው አጭር መልስ ይጻፉ፤ ዕዳውን አልካድኩም ወይም እከፍላለሁ የሚል ቃል ሳያስገቡ፣ መብትዎን እንደጠበቁ ቤቱ በስምምነት የሚሸጥበትን መንገድ ለመነጋገር ዝግጁ መሆንዎን ይግለጹ። ወንድምዎን ስለ ውክልናው ያነጋግሩ፤ ለእህትዎ የሚሰጡትንም የኃላፊነት ወረቀት ከዚያው ጋር ይጠይቋቸው። ሰነዶቹ እጅዎ ሲገቡ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግና የገንዘቡን ጣሪያ አስምረውበት ወደ ጠበቃ ይሂዱ፤ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ለወንድምዎ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከደብዳቤው ላይ ቆጥረው፣ ሰነዶቹ እስኪሟሉ ሳይጠብቁ ይሂዱ።